«ቤዝመንቱ አለ?» ለሚል ቴክስት ምን ብለን እንመልስ?

(ባለፈው ቅዳሜ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ቤት ለሚያከራዩ ወገኖች ያደረግሁት ንግግር ነው። «ጽፈህ አስቀምጥልን» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ እንደተናገርኩት አቅርቤዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ሃያ ደቂቃ ነው። እኔ ደግሞ ወሬ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጣለች፤ እጇን ስታነሳ አቆማለሁ።

እስቲ እጅ አውጡ። ቤዝመንት ወይም ሌላ ቤት የምታከራዩ ስንት ናችሁ? ከግማሽ በላይ። «ሃይ፣ ቤዝመንቱ አለ?» የሚል ቴክስት ደርሷችሁ የሚያውቅስ? እሺ፣ ሁላችሁም። ምን ብላችሁ መለሳችሁ?

አንዳንዶቻችን «አዎ አለ፣ ነገ ና እይ» እንላለን። አንዳንዶቻችን «ከየት ነህ? አግብተሃል? ልጅ አለህ?» እንላለን። ሌሎቻችን «ሶሻልህን፣ የባንክ ወረቀትህን፣ ፔይስተብህን ላክና እናያለን» እንላለን። እኔ ሦስቱንም ብያለሁ። ሦስቱም አስከፍለውኛል። ዛሬ የማወራው ስለዚያች አንዲት መልስ ነው። የመጀመሪያዋ መልስ። ምን ትበል፣ ምን አትበል፣ በመልሱ የሚመጡትን ወረቀቶች እንዴት እናንብብ። ይኸው ነው።

በ«ነገ ና እይ» ልጀምር። ቤዝመንቱን አሠርቼ የጨረስኩ ሰሞን ነው። አንድ ሰውዬ ጻፈልኝ፣ እኔም «ና» አልኩት። እሑድ ከሰዓት ከፍሬድሪክ ድረስ መጣ። ብቻውን አልነበረም፤ ሚስቱና አራት ልጆቹ አብረውት ነበሩ። ቤቱ አንድ መኝታ ነው! ልጆቹ እየሮጡ ገቡና ትንሿ «አልጋዬ እዚህ ይሁን» አለች። ኪራዩን ስነግረው ሰውዬው ፊቱ ተለወጠ። እሱ የጠበቀው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነበር። ሚስቱ ቀና ብላ አላየችኝም። ያን ቀን ያፈርኩት እኔ ነኝ። ሁለት መስመር ብጽፍለት ኖሮ ያ ቤተሰብ ያንን መንገድ አይመጣም ነበር። ቀድሞ መጠየቅ ለአከራዩ ጥንቃቄ ነው እንላለን። ለሚመጣውም ሰው ክብር ነው።

ሁለተኛው መልሴ ግን ከዚህ የባሰ ነበር። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ በጣም ጨዋ የሆነ መልእክት ጻፈችልኝ። እኔ ምን አልኳት? «ልጆች አሉሽ?» አልኳት። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነው፤ ደረጃው ቁልቁል ስለሆነ ለሕፃን ያሰጋል ብዬ። ዝም አለች። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ አረፍተ ነገር ላከችልኝ፤ «ይህን ጥያቄ መጠየቅ ሕገ ወጥ መሆኑን ያውቃሉ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር! እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። እሷ ክስ አልመሠረተችም። ብትመሠርት ኖሮ ማስረጃው በገዛ ጣቴ የተጻፈ ነው፣ ሰዓቱና ቀኑ ሳይቀር ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ ሐበሾች የምንወድቀው እዚህ ጋ ነው።

የፌዴራሉ የቤቶች ፍትሐዊነት ሕግ የወጣው በ1968 ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ተገደሉ፣ በሳምንቱ ሕጉ ተፈረመ። ዛሬ ሕጉ በሰባት ነገር ሰው መለየትን ይከለክላል። ዘር፣ የቆዳ ቀለም፣ ሃይማኖት፣ ፆታ፣ የትውልድ አገር፣ አካል ጉዳት፣ እና ልጅ ያለው ቤተሰብ መሆን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተጨመሩት በ1988 ነው። ሜሪላንድ ደግሞ በ2020 የገቢ ምንጭን ጨመረች። አንድ ሰው ኪራዩን የሚከፍለው በመንግሥት የኪራይ ድጎማ፣ ማለትም በቫውቸር ስለሆነ ብቻ «አልፈልግህም» ማለት አይቻልም ማለት ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ነው የምኖረው፣ እኔን አይመለከትም» እያላችሁ ነው። ፊታችሁ ላይ ይታየኛል! እውነት አላችሁ፣ ግማሽ እውነት። ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት፣ ከአራት ባልበለጡ ቤቶች በተከፈለ ሕንፃ፣ የፌዴራሉ ሕግ በተከራይ ምርጫ ላይ ነፃነት ይሰጣል። ግን ይህ ነፃነት ንግግርን አይጨምርም። «እንዲህ ዓይነት ሰው እፈልጋለሁ፣ እንዲህ ዓይነት አልፈልግም» የሚል ማስታወቂያም ሆነ መልእክት ለማንም አይፈቀድም። ቴክስትም መልእክት ነው። በዘር መለየት ደግሞ ከ1866 ጀምሮ ባለ በሌላ ሕግ ስለተከለከለ፣ እዚያው መኖራችሁ ከሱ አያድናችሁም። የክልሉና የካውንቲው ሕግ የየራሳቸው አላቸው። እኔ የያዝኩት መንገድ ቀላል ነው፤ ነፃነቱ እንደሌለ ቆጥሬ እኖራለሁ።

እስቲ የኛን ማስታወቂያዎች አስቡ። «ለሐበሻ ብቻ።» የትውልድ አገር። «ለአማኝ ሰው።» ሃይማኖት። «ልጅ ለሌላቸው ጥንዶች።» የቤተሰብ ሁኔታ። «ሥራ ላላት።» የገቢ ምንጭ። በአማርኛ ስለተጻፈ ማንም አያነበውም ብላችሁ ነው? አማርኛ የሚያነቡ ሰዎች እኮ ጠበቆችም ናቸው። «ለሴት ብቻ» የሚለው ማጀትና መታጠቢያ ከሚጋሩት ሰው ጋር ሲሆን የተለየ አስተያየት ይደረግለታል። የራሱ መግቢያና የራሱ መታጠቢያ ላለው ቤዝመንት ግን አይሠራም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ «ያገር ልጅ ነው» ብሎ ሳይጠይቁ ማስገባትም ያው የሳንቲሙ ሌላ ገጽ ነው። አንድ ጊዜ አንዱ ደወለልኝና በአምስት ደቂቃ ውስጥ የናቴን ሰፈር ስም ጠራ። ፔይስተብ ጠየቅሁት? የለም። ያለፈ አከራዩን ደወልኩ? የለም። እንጀራ አብረን በላን። ስድስት ወር ኖሮ ሁለቱን ወር ከፈለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እሱ ነው። እሱን አልወቅስም። ለሱ ያልጠየቅሁትን ወረቀት በዚያው ዓመት ለአንድ ፈረንጅ ጠይቄያለሁ። ሁለቱን መልእክቶች ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ደነገጥኩ። ዳኛ ፊት ቢቀርቡ ምን እል ነበር?

ከዚያ ወዲህ አንድ መልስ ጻፍኩ። አንድ! ለማንም ሰው የሚሄድ ያው መልስ። ለወንዱም፣ ለሴቷም፣ ለሐበሻውም፣ ለሳልቫዶራዊውም፣ ለፈረንጁም። ስሙን ብቻ እቀይራለሁ። በእንግሊዝኛ ነው የምልከው፣ ግን አሁን በአማርኛ ላንብብላችሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ቤዝመንቱ እስካሁን አልተያዘም። አንድ መኝታ፣ የራሱ መግቢያ፣ የራሱ ማብሰያና መታጠቢያ አለው። ኪራዩ በወር 1,650 ዶላር ነው፣ ውሃና መብራት በውስጡ ነው። ዲፖዚቱ የአንድ ወር ኪራይ ነው። ሊዙ ለ12 ወር ነው። ቤት ውስጥ ሲጋራ አይጨስም። ነዋሪው ከሁለት ሰው አይበልጥም።

ጊዜዎ እንዳይባክን ከቀጠሮ በፊት ሦስት ነገር ይንገሩን። መቼ መግባት ያስባሉ? ስንት ሰው ይኖራል? የሚኖሩት ሰዎች ጠቅላላ ገቢ ከታክስ በፊት በወር ስንት ነው? ገቢው ከየትኛውም ሕጋዊ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ለሁሉም አመልካች የምንጠቀመው መለኪያ አንድ ነው። ገቢው የኪራዩን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 4,950 ዶላር እንዲሆን እንፈልጋለን። የኪራይ ድጎማ ካለዎት የምናሰላው እርስዎ ከኪስዎ በሚከፍሉት ድርሻ ላይ ነው። ያለፈውን አከራይዎን እናነጋግራለን። ክሬዲት እናያለን፤ የክሬዲት ታሪክ ገና ከሌለዎት በምትኩ የአሠሪ ደብዳቤና የ12 ወር የኪራይ ወይም የሌላ መደበኛ ክፍያ ማስረጃ እንቀበላለን።

ቤቱን ከማየትዎ በፊት ሁለት ነገር ይላኩልን። አንደኛ፣ የገቢ ማስረጃ፤ ያለፉት ሁለት ፔይስተብ ወይም የአሠሪ ደብዳቤ ወይም የድጎማ ደብዳቤ ወይም በግል ከሠሩ ያለፈው ዓመት የታክስ ወረቀት። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎንና የአካውንት ቁጥርዎን እባክዎ ይሸፍኑ። ሁለተኛ፣ የአሁኑ ወይም ያለፈው አከራይዎ ስልክ። ሲመጡ ፎቶ ያለው፣ መንግሥት የሰጠው መታወቂያ በር ላይ ያሳዩን። የየትኛውም አገር ቢሆን እንቀበላለን፤ ኮፒ አንወስድም።

አሁን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይላኩ። የባንክ ስቴትመንት አይላኩ። ገንዘብም አይላኩ። እነሱ የሚመጡት ቤቱን አይተው ሲወዱት ነው። በአካል ጉዳት ምክንያት የተለየ ነገር ካስፈለገዎ ይንገሩን። ቤቱን የምናሳየው ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 እስከ 7 ሰዓት ነው።»

በኢትዮጵያ ሰዓት ማለቴ ነው እንጂ እንግሊዝኛው ላይ ከ10 እስከ 1 ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ለአንድ የኛ ሰው በአማርኛ ልኬለት በሌሊት በር አንኳክቷል! ... ሳቁ፣ እውነት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ምን እንደሆነ ልብ በሉ። «ስንት ሰው ይኖራል» እንጂ «ልጅ አለህ» አላልኩም። ቤቱ ለሁለት ሰው ከሆነ እናትና ልጅም ሁለት ናቸው፣ ባልና ሚስትም ሁለት ናቸው። «ከየት ነህ» አላልኩም። «ግሪን ካርድ አለህ» አላልኩም። ስለ ወንጀል መዝገብም በዚህ መልስ ውስጥ አንዲት ቃል የለም። በካውንቲያችን ሕግ ያ ጥያቄ የሚመጣው አመልካቹን በቅድመ ሁኔታ እሺ ካላችሁት በኋላ ነው።

ዲፖዚቱም የአንድ ወር የሆነው በደግነቴ አይደለም። ሜሪላንድ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መያዝን ከልክላለች። ድሮ ሁለት ወር ነበር። ብዙዎቻችን አሁንም ከልማድ «ፈርስትና ላስት፣ ዲፖዚትም» እንላለን። ተጠንቀቁ። ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሆነው የካውንቲው የኪራይ ፈቃድ በእጃችሁ ሲኖር ነው። የሌላችሁ ነገ ጠዋት ሂዱ፤ በስም አልጠራም።

አሁን ደግሞ ሦስተኛው ስህተቴ። «ሶሻልህን አሁን ላክ» የሚለው።

አንድ ክረምት ላይ ተናድጄ ነበር። ያ ያገር ልጅ በወጣ ማግስት ነው። «ከእንግዲህ በወረቀት ነው!» አልኩ። ለጻፈልኝ ሁሉ ሶሻል፣ የሦስት ወር ባንክ ስቴትመንት፣ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ፣ ሁሉንም ቤቱን ሳታይ ላክ አልኩ። አራት ሰው ነበር። ሦስቱ ጠፉ። አራተኛው በአስር ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም ላከ። «አየሽ፣ ቁምነገረኛ ሰው» አልኳት ለባለቤቴ። የሷን መልስ አልነግራችሁም።

ሦስቱ ለምን ጠፉ? እስቲ በነሱ ጫማ ቁሙ። በዚህ አገር የሰው ቤት ፎቶ ከኢንተርኔት ሰርቆ «የኔ ነው» ብሎ የሚያከራይ ሌባ ሞልቷል። ቤቱን አያሳይም፤ አገር ውስጥ የለሁም ይላል። አስቀድሞ ገንዘብ፣ አስቀድሞ ሶሻል ይጠይቃል። እና እኔ ምን ሆንኩ? ልክ እንደሱ ጻፍኩ! ጥንቁቅ ሰው፣ ማለትም እኔ የምፈልገው ዓይነት ተከራይ፣ ሸሸ። የቀሩልኝ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው፣ እና ወረቀቱ የራሱ ስላልሆነ መላኩ የማያስፈራው ሰው።

የአራተኛው ወረቀት የራሱ አልነበረም። እንዴት አወቅሁ? በሒሳብ ነው። ወረቀትና ብዕር ያላችሁ አውጡ፣ ይኼ ይጠቅማችኋል።

ፔይስተቡ በየሁለት ሳምንቱ 2,300 ዶላር ይላል። ከዚያ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ ይቆረጣል። ለሜዲኬር 1.45 በመቶ። ለአብዛኛው ተቀጣሪ ያው ነው፣ ክልል አይለውጠውም። የ2,300 ዶላር 6.2 በመቶ 142 ዶላር ከ60 ነው። 1.45 በመቶው 33 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነው። ሰውዬው የላከው ላይ ሶሻል ሴኩሪቲው 190፣ ሜዲኬሩ 60 ይላል፤ ድፍን ድፍን ቁጥር። የአሠሪ ኮምፒውተር ድፍን ቁጥር አይወድም።

ሁለተኛው መፈተሻ ደግሞ ይበልጣል። ፔይስተብ ላይ ከዓመቱ መጀመሪያ እስከዚያ ቀን የተከፈለው ድምር ይጻፋል። ሁለት ተከታታይ ፔይስተብ የምጠይቀው ለዚህ ነው። የሁለተኛውን ድምር ከመጀመሪያው ስትቀንሱ የሁለተኛው ክፍያ መምጣት አለበት። የሱ የመጀመሪያው 18,400፣ ሁለተኛው 20,900 ነበር። ልዩነቱ 2,500 ነው። ክፍያው ግን 2,300 ነው ይላል! ሁለት መቶው ከየት መጣ?

ቆይ ግን፣ ቆይ። ይህን ሰምታችሁ ነገ ሰው ሌባ እንዳትሉብኝ። የጤና ኢንሹራንስ ከታክስ በፊት የሚቆረጥበት ሰው ሶሻል ሴኩሪቲው ከሒሳቡ ትንሽ ያንሳል። ይህ ትክክለኛ ወረቀት ነው። ቁጥሩ ከሚገባው ሲበልጥ ነው ነገሩ። ያን ጊዜም አትጣሉ፣ አትክሰሱ። ለአሠሪው ደውሉ። ግን አመልካቹ በሰጣችሁ ስልክ ሳይሆን እናንተ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ባገኛችሁት ዋና ስልክ። እኔ ደወልኩ። «እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ጋ ሠርቶ አያውቅም» አሉኝ። ለሰውዬው ምን ጻፍኩለት? «የላኩልን የገቢ ማስረጃ ሊረጋገጥልን ስላልቻለ ማመልከቻውን መቀጠል አንችልም» ብቻ። መልስ አልሰጠም።

በዚሁ በፔይስተብ ላይ ሐቀኛ ሰው የምናጣበት ስህተትም አለ። አንዲት ነርስ ረዳት አመለከተች። በየሁለት ሳምንቱ 2,300 ዶላር ታገኛለች፣ ያው ቁጥር። ባለቤቴ በሁለት አባዛችውና «4,600፣ አይሞላም» አለች። ... ይቅርታ፣ እጇን አነሳች። ሰዓቴ ደርሷል ማለት ነው ወይስ «ይህን አትናገር» ማለት ነው? ልቀጥል? እሺ። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው በዓመት 24 ጊዜ ሳይሆን 26 ጊዜ ነው የሚከፈለው። 2,300 በ26 ሲባዛ 59,800። ለ12 ሲካፈል 4,983። መለኪያችን 4,950 ነበር። አልፋለች! ሦስት ዓመት ኖራለች፣ አንድ ቀን አልዘገየችም። ልንመልሳት ነበር።

እዚህ ብዙዎቹ አመልካቾቻችን ደግሞ ሹፌሮች ናቸው። ታክሲ፣ ኡበር፣ ዴሊቨሪ። እነሱ ፔይስተብ የላቸውም። የሚልኩላችሁ 1099 የሚባለውን የገቢ ወረቀት ነው። እሱ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር እጅ የሚገባ ገንዘብ አይደለም፤ የኩባንያው ድርሻም ሊኖርበት ይችላል። ከታክስ ወረቀቱ ውስጥ Schedule C የሚለውን ገጽ ፈልጉና መስመር 31ን ተመልከቱ። የተጣራ ትርፍ ማለት እሱ ነው። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ሹፌር ታክሱን ሲሠራ ለያንዳንዱ ማይል ተቀናሽ ያገኛል፤ ለ2024 በማይል 67 ሳንቲም ነበር። ይህ ተቀናሽ በከፊል የመኪናው እርጅና ግምት ነው፤ ሁሉም ከኪሱ የወጣ አይደለም። ስለዚህ ደህና የሚያገኝ ሰው ወረቀት ላይ ደሃ ሊመስል ይችላል። እኔ ምን አደርጋለሁ? ቤቱን አይቶ ከወደደ በኋላ የስድስት ወር የባንክ ገቢ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ፤ ለሁሉም በግል ለሚሠራ ሰው ያው ነው። ሁለቱን አስተያይቼ እወስናለሁ። በልቤ የምገምተው የለም።

አዲስ ስለመጡትም ጠይቃችሁኝ ነበር። ዲቪ ደርሷቸው በሁለት ወራቸው ቤት የሚፈልጉ። ክሬዲት የላቸውም፣ ያለፈ አከራይ የላቸውም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ አከራይ ክሬዲቴን ጠየቁኝ፤ እኔ ዱቤ መሰለኝ! «በሕይወቴ ዱቤ ገብቼ አላውቅም» ብዬ በኩራት መለስኩ። ሳቁና የአሠሪዬን ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። ለዚህ ነው በመልሴ ውስጥ ያ የምትክ መንገድ ተጽፎ ያለው። መጻፉ ነው ቁም ነገሩ። ካልተጻፈ፣ ለሐበሻው ብቻ አዝኜ የማደርገው ይሆናል፤ ለሌላው ስደተኛ ሳላደርግ ስቀር ደግሞ ያው አድልዎ ሆነ።

በመጨረሻ ስለ «አይሆንም» ትንሽ ልበል፣ ብዙ የለውም። ማንንም ሰው ዝም ብላችሁ አትተዉ። መልእክቶቹ የመጡበትን ሰዓት በደብተር ጻፉ፤ በቅደም ተከተል ተመልከቱ። መጀመሪያ መለኪያውን ያሟላ ሰው ያግኝ። እንቢ ያላችሁት በክሬዲት ሪፖርት ምክንያት ከሆነ ግን ሕጉ ማስታወቂያ እንድትሰጡ ያዛል። ሪፖርቱን ያወጣውን ድርጅት ስም፣ አድራሻና ስልክ ትሰጣላችሁ። የወሰነው ድርጅቱ እንዳልሆነ፣ በ60 ቀን ውስጥ ነፃ ኮፒ መጠየቅ እንደሚችል፣ ስህተት ካለበት መከራከር እንደሚችል ትነግሩታላችሁ። «ዋስ አምጣና ትገባለህ» ብትሉትም፣ ምክንያቱ ሪፖርቱ ከሆነ፣ ይኸው ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ይህን ከኛ ውስጥ የሚያደርግ ሰው አላየሁም። እኔም አራት ዓመት አላደረግሁም።

ጥያቄ አለ? እዚያ ጋ፣ እህቴ።

«የመጡትን ወረቀቶች ምን ታደርጋቸዋለህ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የክሬዲት ሪፖርቱን እንደወረደ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ክልክል ነው፤ መቀደድ ወይም መቃጠል አለበት። የሌላውን ወረቀት ለጊዜው አስቀምጣለሁ፣ ምክንያቱም ነገ አንዱ «ለምን ከለከልከኝ» ቢል ለሁሉም ያው መለኪያ እንደተጠቀምኩ የማሳየው በሱ ነው። ቁልፍ ባለው መሳቢያ። ስልኬ ላይ የመጣውን ፎቶ ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ካስተላለፍኩ በኋላ ከስልኬ አጠፋለሁ። ለምን መሰላችሁ? የልጅ ልጄ ስልኬን ይዛ ስትጫወት የአንድ አመልካች ፔይስተብ ለቤተ ክርስቲያን ግሩፓችን ልካዋለች። ቁጥሩን አስቀድሞ ሸፍኖ ስለነበር እግዜር አወጣኝ። ስሙ ግን ነበር። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቤቱን ሳይከራይ ቀረ፤ አልፈረድኩበትም።

ሌላ ጥያቄ? ... እሺ፣ አሁን እውነትም እጇን አነሳች። የመልሱ ኮፒ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አማርኛውም እንግሊዝኛውም አለ። የኪራዩን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።